የበረረ ቀረ፦ ጥቅስ መጻፍ ለሚወዱ ልጆች

አንዲት አንባቢ ሰሞኑን ደብዳቤ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ የምጽፋቸው ጥቅሶች ቤት ይመታሉ፤ ላይክም አያጡም። በማግስቱ ግን እኔው ራሴ አላስታውሳቸውም። ምን ጎደላቸው?» ትላለች። ለናሙና አንዱን ጽፋልኛለች፦ «ተስፋ ያለው ይነሳል፣ ተስፋ ያጣ ይወድቃል።»

ልጄ፣ እስቲ «ተስፋ»ን አውጪና «ገንዘብ» አስገቢበት። ይሄዳል። «እምነት» አስገቢ። እሱም ይሄዳል። «ዘመድ» ስታስገቢበትማ ጭራሽ እውነት ይሆናል። ዋናው ቃል ተለውጦም ምንም ያልመሰለው ጥቅስ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው ያንቺ ሆኖ የማይታወስሽ። የዘንድሮ ልጆች ስኬት፣ ህልምና ሕይወት የሚሉ ቃላት ብትከለከሉ ግማሾቻችሁ ስልካችሁን ታስቀምጡ ነበር። አትቀየሙኝ።

ቤት መምታቱም አያኩራሽ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሁሉም በ«ል» ያልቃል። ቤቱን የመታልሽ ሰዋስው ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን እዪ። ስናወራ «አያደምቅም» ነው የምንለው። እዚህ ግን «ም» ተቆርጣ ግሱ ከ«ወርቅ» ጋር ገጠመ። ስም ከግስ ጋር ሲገጥም ጆሮ አይጠብቀውም፤ ያልጠበቀውን ደግሞ ይይዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»ም እንደዚሁ ነው። «ያስራል» በይው እስቲ፣ ወዲያው ይላላል።

ደብዳቤሽ ያስታወሰኝ አንድ የቆየ ቁጭት አለ።

ማስታወቂያ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት በሚኒባስ ታክሲዎች ጀርባ የሚለጠፍ አንድ መስመር ፈለገ። ስለ ፍጥነት። ቢሮ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የጻፍኩት «ፍጥነት ይገድላል፣ ትዕግሥት ያድናል» የሚል ነበር። ያንቺው ወንድም ነው። «ድንቁርና ይገድላል፣ እውቀት ያድናል» ብትይውም ይቆማል። ቀደድኩትና ወደ ታክሲ ተራ ወረድኩ።

ተራው ጥግ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ወረፋቸው እስኪደርስ እዚያ ነው የሚያርፉት። አንዱ ሾፌር ቀድሞ አብሯቸው ይሠራ ስለነበረ ልጅ ጠየቀ። ረዳቱ ሳንቲሙን እየቆጠረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እሱማ በረረ፣ ቀረ» አለው። ማንም ምንም አልጨመረም። እኔ ብቻ ሲኒውን አስቀምጬ ብዕር ፈለግኩ።

«የበረረ ቀረ።» ሁለት ቃል፣ «ረ» ከ«ረ» ጋር። ግማሹ በነጻ ተገኘ። ሌላው ግማሽ ግን አስቸገረኝ። «የታገሠ ኖረ» አልኩ፤ ቤቱን በደንብ ይመታል፣ ግን ስብከት ነው፤ ታክሲ ታክሲ አይሸትም። «የዘገየ ደረሰ» አልኩ፤ «የዘገየ» ወቀሳ አለበት፣ ሰው በዘገየ ነው የሚሰደበው። «ቀስ ያለ ደረሰ» ስል ጆሮዬ ዐረፈ። እዚህ «ስ» ከ«ሰ»፣ እዚያ «ረ» ከ«ረ»። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ ድምፅ ኖረው።

ያም ሆኖ ገና ባዶ ነበር። የት ደረሰ? አንዱ ሾፌር ማታ ቤት ሲገባ ልጆቹ ተኝተው እንደሚያገኛቸው ሲያማርር ሰምቼ «እራት»ን አስገባሁ፦ «ቀስ ያለ ለእራት ደረሰ፣ የበረረ ቀረ።» ሁለቱ ግማሾች እኩል መሆን አለባቸው ብዬ ስንቱን ወጣት አድክሜያለሁ። እዚህ ላይ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ድንገት ይቆማል። እኩልነቱን እርሺው፤ ሚዛኑ ጆሮ ላይ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ግን በቀለም ብትቆጥሪው አራት በአራት ነው። እሱንም አልጠላም።

ለሾፌሮቹ አነበብኩላቸው። አንዱ ሳቀና «ቀስ ያለማ ከኋላ ይገጫል» አለኝ። ሌላው «ይህን ለባለቤቱ ንገረው፤ የቀን ገቢውን የሚጠብቀው እሱ ነው» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ተቃራኒ ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ያምራል፣ ሲያምር ደግሞ ሙሉ እውነት ይመስላል። ጥቅስሽ የሚመለከተው ሰው ፊት አንብቢው የምልሽ ለዚህ ነው። የሾፌሮቹን መልስ ይዤ መስመሩን ልለውጠው ብዬ ነበር፤ አልለወጥኩትም። አሁንም አልለውጠውም።

ከዚያ ስብሰባው መጣ። አንዱ «ቀስ ያለው ማን ነው? አሽከርካሪ ይባል» አለ። ሁለተኛው «ቀረ የሚለው ግልጽ አይደለም» አለ። ሦስተኛው «ትምህርታዊ ይሁን» አለና «ግን» ጨመረበት። ሲጨርሱ እንዲህ ሆነ፦ «በዝግታ ያሽከረከረ አሽከርካሪ በሰላም ይደርሳል፣ በፍጥነት ያሽከረከረ ግን ለአደጋ ይጋለጣል።» ዞር ብለው አዩኝ። «ጥሩ ነው» አልኩ። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

ስቲከሩ ተለጠፈ። ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ ፊደሉ አንሷል። አንድ ቀን ከአንዱ ሚኒባስ ኋላ እየነዳሁ ላነበው ሞከርኩ። የሚነበበው መከላከያው ላይ ልትለጠፊ ስትደርሺ ነው። ስለ ጥንቃቄ የተጻፈውን ለማንበብ ርቀት መጣስ ግድ ነበር!

ተከራክሬ ብሸነፍ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆጨኝ። ረዳቱንም ተመልሼ አንተ ያልከውን ጻፍኩት አላልኩትም።

ስለዚያች «ግን» ልንገርሽ። ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ጎን ለጎን ከተቀመጡ ንጽጽሩን የሚሠራው አንባቢው ነው። «አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ» ውስጥ «ግን» የለም፤ ግስም የለም። መሐል ያለውን ክፍተት የሞላሽው አንቺ ነሽ፣ ስለሞላሽው ያንቺ ይሆናል። «አባቱ ዳኛ ነው፣ ልጁ ግን ቀማኛ ነው» ብትይ የሰፈር ወሬ ይሆናል። «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም» የገቡበትን ጥቅስ መጀመሪያ ከነሱ አጽጂው።

አጎቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ነበር። ተማሪ ቅኔ መቁጠር የሚጀምረው በጉባኤ ቃና፣ በሁለት መስመር ነው፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረምለታል። እናንተ አራሚ የላችሁም፤ ላይክ የሚያደርግ እንጂ የሚያርም አታገኙም። ስለዚህ ጥቅሱን ለአንድ ሰው በቃል ንገሪው፤ ጽፈሽ አትስጪው። ከጥቂት ቀን በኋላ «ያ ነገር ምን ነበር?» በይው። ሲደግመው የጣለው ቃል ትርፍ ነበር። የለወጠው ቃል ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሱ ይሻላል። ምንም ካላስታወሰ አትከራከሪው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ግርጌ ልውረድ። ስትሰናበቺኝ ስለ ቤትሽ አማርረሽ «ደመወዜ ሳይገባ ኪራዩ ይወጣል» ብለሻል። ይህን ጥቅስ ይሆናል ብለሽ ሳታስቢ ነው የጻፍሽው። ገባና ወጣ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ደመወዝና ኪራይ ደግሞ በሌላ ቃል አይተኩም። «ዜ»ን «ዝ» አድርጊው፣ የ«ኪራዩ»ን «ኡ» ቁረጪ፣ «ይወጣል»ን «ወጣ» አድርጊው፦ «ደመወዝ ሳይገባ ኪራይ ወጣ።» ቤት አይመታም፣ አይምታ። «ወጣ» ከከበደሽ «ይወጣል»ን መልሺው፤ እኔ ግን «ወጣ»ን እመርጣለሁ፣ ያለቀ ነገር ይመስላል። ለአከራይሽ ብቻ አታንብቢላት።