ጥያቄና መልስ፦ የልብ ወለድ ርዕስና የመክፈቻ ጥቅስ፣ መጽሐፉ ካለቀ በኋላ

አንባቢ ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ ያለችውን ጥቅስ ሁሌ ዘልያት ነው የማልፈው። ምን ያመልጠኛል?

መልስ፦ ስትጀምር ብትዘላትም ግድ የለም። ስትጨርስ ግን ተመለስባት። የአቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» እንያዝ፤ አብዛኞቻችሁ አንብባችሁታል። መጽሐፉ በ1958 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከፊቱ የአየርላንዳዊው ገጣሚ የዬትስ «ዳግም ምጽአት» የመጀመሪያ አራት ስንኞች ነበሩ። ጭልፊቱ የአሳዳጊውን ጥሪ አይሰማም፣ ነገር ሁሉ ይፈርሳል፣ መሐሉ አይጸናም። ርዕሱም የተወሰደው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ስታነበው የሚፈርሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንኮ ይመስልሃል። ምዕራፍ 20 ላይ ወዳጁ ኦቢዬሪካ ነጩ ሰው አንድ ላይ ያያዘንን ነገር በቢላዋ ቆረጠው፣ እኛም ፈረስን ይላል። ርዕሱ በገጸ ባሕርይ አፍ ሲነገር የምትሰማው እዚያ ነው። «እኛ» ማለቱን ልብ በል። የፈረሰው ጎሳው ነው።

አሁን መጨረሻውን አስታውስ። ኦኮንኮ በስብሰባ መሐል የነጩን መንግሥት መልእክተኛ በቆንጨራ ይገድላል፤ ሕዝቡ ግን የቀሩትን መልእክተኞች ሳይነካ ይለቃቸዋል፤ «ለምን እንዲህ አደረገ?» የሚል ድምፅም ይሰማል። የማይሰማው ጭልፊት ማን እንደሆነ ያኔ ይገባሃል። ለእኔ ያ ስንኝ የተጻፈው ለዚህ ስብሰባ ነው የሚያሰኝ ነው።

ሰናይት፦ እንግሊዛዊው ገዥ መጽሐፍ ሊጽፍ የሚያስበውስ? ከርዕሱ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ይህን የጠየቀ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል! የመጨረሻው ገጽ ላይ ገዥው ለመጽሐፉ ርዕስ መርጧል፤ የታችኛው ኒጀርን ኋላ ቀር ነገዶች ስለ ማረጋጋት የሚል ነው። ኦኮንኮ በዚያ ውስጥ ምዕራፍ እንኳ አይሞላም፤ አንድ መለስተኛ አንቀጽ ይበቃዋል ይላል። እኛ ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ስለ ሰውየው አንብበን መጨረሳችን ነው። ሽፋኑን መልሰሽ እይው። አንዱ ማረጋጋት ያለውን ሌላው መፍረስ ብሎታል፤ ሁለቱ ርዕሶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ይህ ከመጨረሻው ገጽ በፊት አይታይም።

የጥቅሱንም ምንጭ ፈልጊ። ዬትስ በ1919 ሲጽፈው ከጦርነቱ በኋላ ያለችው አውሮፓ እየፈረሰች ነበር፤ የሁለት ሺህ ዓመቱ የክርስትና ዘመን ሲያከትምም ይታየዋል። አቼቤ ስንኙን የኦኮንኮ አገር በሆነችው ኡሙኦፊያ ላይ ሲያኖረው ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ክርስትና ገና መግባቱ ነው፤ የሚያበቃው የጎሳው ዘመን ነው።

ዳዊት፦ ስለዚህ አፍራሹ ሚስዮናዊው ነው፣ አለቀ።

መልስ፦ አላለቀም። ርዕሱ አፍራሹን አይጠራም። ነጩ ሰው ከመምጣቱ በፊት ኦኮንኮ ቤት ይኖር የነበረው ልጅ ኢኬሜፉና ተገድሏል፣ መንትያ ሕፃናት ጫካ ይጣላሉ። የኦኮንኮን ልጅ ንዎዬን ከአባቱ የለዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የሚስዮናውያኑ መዝሙር የደረሰው ቁስሉ ላይ ነው። ኦቢዬሪካ ቢላዋ ይላል፣ ርዕሱ ፈረሰ ብቻ ይላል። ማንኛቸው ትክክል ናቸው? ለእኔም ክፍት ነው።

ብርሃኑ፦ የ«አና ካሬኒና»ም እንዲሁ ነው። «በቀል የእኔ ነው» ይላል፣ አናን እግዚአብሔር ቀጣት።

ሰናይት፦ ሮሜ 12ን እስኪ ከፍ ብለህ አንብበው። ራሳችሁ አትበቀሉ ነው የሚለው! የተከለከሉት እኮ አና ላይ ጀርባቸውን ያዞሩት የከተማው ሰዎች ናቸው።

ብርሃኑ፦ ታዲያ ባቡሩ ስር ለምን ገባች?

ሰናይት፦ የገባችውማ ራሷ ናት። ቭሮንስኪን ልትቀጣው አስባ ነበር፤ እሷም በቀልን በእጇ አደረገች።

መልስ፦ ሰናይት ወደ ምንጩ ሄዳለች፣ እንዲያ ነው። ግን የብርሃኑም ንባብ ከድሮ ጀምሮ ተከራካሪ አለው። በሌላ ቀን እንመለስበታለን፣ ከአቼቤ አትውጡ።

ስም የለሽ፦ ርዕስ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ሄኖክ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻውን አስቀድሞ አይነግርም?

መልስ፦ የት እንደሚደርሱ ይነግርሃል። ወደዚያ የሚገፋቸውን ሥርዓት የሚነግርህ ጉዱ ካሳ ነው። ከጨረስክ በኋላ የእሱን ንግግሮች ብቻ ለይተህ አንብብ፣ ከዚያ ወደ ርዕሱ ተመለስ።

ቤቲ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፣ ከመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ላስገባ?

መልስ፦ መጽሐፍሽን ሳላነብ አልመልስም። ጥቅሱን ብታወጪው የሚጎድል ነገር ከሌለ ግን አውጪው።

አንባቢ ከሐዋሳ፦ እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሳታነብ በፊት ርዕሱ ማንን እንደሚመለከት የገመትከውን በአንድ መስመር ጻፍ። ስትጨርስ የርዕሱ ቃል በማን አፍ እንደተነገረ ፈልግ፣ ከዚያ የዬትስን ግጥም ሙሉውን አንብብ። አቼቤ ካስቀራቸው ስንኞች ውስጥ ወደ ቤተልሔም የሚሳብ አውሬ አለ። አሁንም ደግሜ እላለሁ፣ ጥቅሱን ከታሪኩ በፊት አትፍቱት። የአንዳንድ ርካሽ ቅጂ አሳታሚ ያንን ገጽ ጭራሽ ይጥለዋል፤ ያንተ ላይ ከሌለ ሌላ እትም ተዋስ።