ምግብ ቤት ለምትከፍቱ ልጆቼ፦ ደንበኛን ስትጠይቁ

ልጆቼ፣ በልቶ የጨረሰን ደንበኛ «ምግቡ እንዴት ነበር?» ብትሉት መልሱ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው። ይሉኝታ ይይዘዋል። በተለይ እንግዳ ጋብዞ የመጣ ሰው በእንግዳው ፊት የገበታውን ጉድለት አያነሳም። ስለዚህ ሂሳብ ሊከፍል ወደ ካሸር ብቻውን ሲመጣ ጠይቁት። ጠያቂዋም ያስተናገደችው ልጅ አትሁን፤ ቲፕ የሚሰጣትን ልጅ ፊት ለፊት «አዘገየሽኝ» ማለት ለብዙ ሰው ከባድ ነው።

ቆሞ ስለሚመልስ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። «ዛሬ ከሁሉ የዘገየብዎት ምንድን ነው?» «ከቀረበልዎት ያልጣመዎት የቱ ነው?» «ሌላ ቀን ሲመጡ ምን ተስተካክሎ ቢጠብቅዎት ይወዳሉ?» እንዲህ ስትጠይቁት ጉድለት እንዳለ እናንተው ቀድማችሁ ስላመናችሁ፣ መናገሩ ነቀፋ አይመስለውም። መልሱን እዚያው ደብተር ላይ ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያዘዘውን ምግብ መጨመር አትርሱ፤ ኋላ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

እኔ በማስተዳድረው ቤት «ዘገየ» የሚል መልስ በዝቶ አስተናጋጅ እንጨምር ተባለ። ደብተሩን ስናገላብጥ ግን ቅሬታው የተከማቸው ረቡዕና ዓርብ፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30 ሆኖ ተገኘ፤ በአብዛኛውም በያይነቱና ተጋቢኖ አንድ ላይ በታዘዘበት ጠረጴዛ ነበር። የበያይነቱ ወጥ ጠዋት ተሠርቶ ስለሚዘጋጅ፣ እንጀራ ላይ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው። ተጋቢኖ ግን ለእያንዳንዱ ሰው በየሸክላው እሳት ላይ ተንተክትኮ መውጣት አለበት፤ የኛ ምድጃ ደግሞ በአንዴ የሚይዘው ሁለት ሸክላ ብቻ ነበር። ቀድሞ የወጣው በያይነቱ ተጋቢኖውን ሲጠብቅ ይቀዘቅዛል፣ ደንበኛውም የምሳ ሰዓቱ ያልቅበታል። አስተናጋጁን ትተን ምድጃ ጨመርን፤ በያይነቱም ተጋቢኖው ሊወጣ ሲል እንዲወጣ አደረግን። ከዚያም በነዚያው ቀናት፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ጥያቄ መልሰን ጠየቅን። ለውጥ መምጣቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አንድ ሰው ቃሪያው በዛ ስላለ ወጥ አትቀይሩ፤ ያው ነገር ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ሲመጣ ግን ኪችን ግቡና በዓይናችሁ እዩ። ደብተሩ ላይ በተጻፈ ቅሬታ ሠራተኛ መቅጣትም ይቅርባችሁ። ከቀጣችሁ ብዙም ሳይቆይ ገጹ ሁሉ «ጥሩ ነው» ይሆናል። ከጠረጴዛ የሚመለሰው ምግብ ሳይቀንስ ምስጋናው ብቻ ከበዛ፣ ቅሬታው ደብተሩ ጋ ሳይደርስ እየቀረ ነው።

ግማሹን ትቶ፣ ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚወጣውን ሰው ደግሞ ጥያቄያችሁ አያገኘውም። ለሱ ትሪው ሲመለስ ምን እንደቀረ እያያችሁ፣ ከሌሎቹ መልሶች ጎን መዝግቡት።