ማታ የሚወሰድ መድኃኒትና የደረቀ አፍ

«ለነርቭ ሕመም ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ስለምወስድ አፌ ይደርቃል፤ ከረሜላ ከአፌ አይጠፋም። ጥርሴን ይጎዳው ይሆን?»

ይጎዳዋል፤ እኔ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ ከረሜላውን እፈራለሁ። አሚትሪፕቲሊን ወደ ምራቅ ዕጢዎች የሚሄደውን የነርቭ መልእክት ያግዳል። ባክቴሪያ ከስኳር የሚሠራውን አሲድ አጥቦ የሚያለዝበው ምራቅ ነው፤ እርሱ ሲያንስ አሲዱ ጥርስ ላይ ይቆያል።

መስታወት ፊት ቆመው ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ። ድድ ሸሽቶ ሥሩ ከተገለጠ ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው መቦርቦሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ካዩ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከረሜላውን ስኳር በሌለው፣ በተለይ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ባለው ማስቲካ ይተኩት፤ ማኘኩ ራሱ ምራቅ ይቀሰቅሳል። ሎሚ መምጠጥ ግን አይመከርም፣ እርሱም አሲድ ነው። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም ድርቀቱን ያባብሳል።

ዋናው ሰዓት ሌሊት ነው፤ በጤነኛ ሰው እንኳ ምራቅ በእንቅልፍ ይቀንሳል። ከመተኛትዎ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ፤ አረፋውን ይትፉ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡ። ከዚያ በኋላ ውኃ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ።

መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም መቀየር ይቻል እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።