ቡድናችሁ ውስጥ የጎደለው ማን ነው?

ውድ ወጣቶች፣

ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሮጀክት ቡድን ሰብስቡ ስባል የሠራሁት ስህተት ቀላል ነበር። በየክፍሉ ጎበዝ የሚባሉትን መረጥኩ። አምስት ሰው። የአንድ ድርጅት የደንበኞች መዝገብ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ መዛወር ነበረበት፤ የተሰጠን ጊዜ አምስት ወር ነበር።

ስብሰባዎቻችን ደስ ይሉ ነበር። ሰሌዳው በሐሳብ ይሞላል። አንዱ ሲናገር ሌላው የተሻለ ነገር ይዞ ይነሳል። ክርክሩ ግን ማለቂያ አልነበረውም፤ ማንም የሌላውን ሐሳብ ይዞ ወደ ሥራ አይገባም። አራተኛው ወር ላይ ሥራው ግማሽ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ መዝገቦች ላይ ቀኑና ወሩ ቦታ ተለዋውጠው ተገኙ። ያየው ደንበኛው ነው። ከእኛ መካከል ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያመሳከረ ሰው አልነበረም። ያ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለ ሜሬዲት ቤልቢን ሥራ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤልቢን እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። ሄንሊ በሚባል የሥራ አስኪያጆች ማሠልጠኛ ውስጥ ቡድኖች በቢዝነስ ጨዋታ ሲወዳደሩ ለዓመታት ተከታተለ። በአንድ በኩል በአእምሮ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ብቻ እየሰበሰበ ቡድን አቋቋመ፤ አፖሎ አላቸው። ያሸንፋሉ ተብሎ የተጠበቁት እነሱ ነበሩ። ከ25ቱ የአፖሎ ቡድኖች ያሸነፉት 3 ብቻ ናቸው። የቀሩት እርስ በርስ ስህተት ሲለቃቀሙ፣ አስቸኳዩን ሥራ ሲረሱ ጊዜው አለቀባቸው። ይህን ሳነብ የራሴን ቡድን ታሪክ የማነብ መሰለኝ።

ውጤቱን በ1981 በመጽሐፍ ሲያወጣ የቡድን ሚናዎቹን ስምንት አደረጋቸው፤ ዘጠነኛው፣ ስፔሻሊስቱ፣ በኋላ የተጨመረ ነው። ሚና ሲል የሥራ መደብን ማለቱ አይደለም። ሰው ከሌሎች ጋር ሲሠራ የሚያሳየው ባሕርይ ነው። በአማርኛ እኔ የምጠራቸው እንዲህ ነው። በሐሳብ በኩል አመንጪ፣ መዛኝ እና ስፔሻሊስት አሉ። በተግባር በኩል ገፊ፣ ፈጻሚ እና ጨራሽ። ጨራሹ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ስህተት የሚለቅመው ነው። ከሰው ጋር በማገናኘት በኩል አስተባባሪ፣ አቀራራቢ እና አፈላላጊ። አፈላላጊው ከውጭ ሰው፣ ዕድልና መረጃ ይዞ የሚመጣው ነው። ዘጠኝ ሚና ማለት ግን ዘጠኝ ሰው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ሚና ሳይጨነቅ ይሸፍናል።

እኔ በጣም የምወደው ቤልቢን ከእያንዳንዱ ጥንካሬ ጋር አብሮ የሚመጣ ድክመት አለ ማለቱን ነው። አመንጪው ዝርዝር ነገር ይረሳል። ገፊው ሰው ያስቀይማል። መዛኙ ቀዝቃዛ ነው፣ ለመወሰንም ይዘገያል። ጨራሹ ይጨነቃል፣ ሥራውን ለሌላ አምኖ አይሰጥም። ጥንካሬውን ከፈለጋችሁ ድክመቱን በልክ መቻል አለባችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቡድኔ ልውሰዳችሁ። ሥራው ተመሳሳይ ነበር፤ እኔን ጨምሮ ስድስት ነን። ሁለት ፕሮግራመሮች፣ አንዲት የደንበኞች ግንኙነት ባለሙያ፣ አንድ የሒሳብ ሰው፣ አንዲት ገና ጀማሪ የዳታ ሠራተኛ። ሁላችንም የቤልቢንን መጠይቅ ሞላን። የመጀመሪያው መጠይቅ ሰባት ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ 10 ነጥብ ለሚመስሏችሁ ዓረፍተ ነገሮች ታከፋፍላላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሁሉም ሰው ድምር 70 ነው። ስለዚህ የእኔ 14 ከእናንተ 14 ጋር አይወዳደርም። ቁጥሩ የሚናገረው እኔ ራሴ ከየትኛው ሚና ወደ የትኛው እንደማደላ ብቻ ነው።

ወረቀት ላይ ሚናዎቹን ወደ ታች፣ ስማችንን ወደ ጎን ጻፍንና የእያንዳንዱን ሁለት ከፍተኛ ሚና ምልክት አደረግን። ሦስት አመንጪ ወጣ። ሁለት ገፊ፤ አንዱ እኔ ነኝ። የሒሳቡ ሰው ፈጻሚ፣ የደንበኞች ግንኙነቷ አፈላላጊና አቀራራቢ ሆኑ። የጨራሽ፣ የመዛኝና የአስተባባሪ መስመር ባዶ ነበር። ልክ እንደ መጀመሪያው ቡድኔ!

ግን ሰው ስለ ራሱ የሚሞላው የሚመኘውንም ይጨምራል። መጠይቁ በተመራማሪዎች የተተቸውም በከፊል ራስን በራስ መመዘን ስለሆነ ነው። የቤልቢን አሠራር አብረው የሠሩ ሰዎችም አስተያየት እንዲሰጡ ይፈልጋል። አዲስ ቡድን ውስጥ ደግሞ ማንም ማንንም አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻችን አራት ሰው ጠየቅን። ጀማሪዋ የዳታ ሠራተኛ ራሷን አመንጪ ብላ ነበር። አራቱም ጨራሽ ናት አሉ። አንደኛው «እሷ ያላየችው ሰነድ ከቢሮ አይወጣም» ብሎ ጻፈ። ስታነበው ትንሽ ከፋት። ጨራሽነት ዝቅ ያለ ነገር መስሏት ነበር። የመጀመሪያውን ቡድኔን ታሪክ ነገርኳት።

ማንንም አልቀጠርንም፣ ማንንም አላስወጣንም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት ለእሷ ሰጠናት፤ «አላለቀም» ካለች አላለቀም። በየቀኑ 200 መዝገብ ከአሮጌው ጋር እንድታመሳክር ተስማማን። ብቻዋን እንዳትሸከመው ፈጻሚውን አጠገቧ አስቀመጥን፤ ጨራሽ እርዳታ ጠይቅ ቢሉት አይጠይቅማ።

ለመዛኝ የሒሳቡን ሰው አየነው። ሦስተኛ ሚናው መዛኝ ነበር፤ ዋናው ባይሆንም ሲጠየቅ ይሠራዋል። ችግሩ ሞቅ ባለ ስብሰባ ላይ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ ትልቅ ውሳኔ በዕለቱ እንዳይወሰን አደረግን። እሱ አድሮበት ጠዋት ግማሽ ገጽ ይጽፋል፣ ከዚያ እንወስናለን። ሁለት ጊዜ ከከባድ ስህተት አዳነን። አንዴ ሁሉንም መዝገብ በአንድ ሌሊት እናዛውር ብለን ነበር፤ ቢበላሽ ወደ ኋላ የምንመለስበት መንገድ እንደሌለን ያሳየን እሱ ነው።

እኔ ደግሞ መሪ ነኝ ብዬ ስብሰባ መምራቴን ተውኩ። ገፊ ስብሰባ ሲመራ ዝምተኛው አይናገርም። የአስተባባሪውን ወንበር ለደንበኞች ግንኙነቷ ሰጠኋት። እኔ ቀነ ገደብ ላይ አተኮርኩ፤ ሁለተኛው ገፊ ዕቃ ከሚያቀርብልን ድርጅት ጋር ያለውን ጭቅጭቅ ወሰደ። ሁለቱን ፕሮግራመሮች በየራሳቸው የሥራ ክፍል ለየናቸው፤ አንድ ጉዳይ ላይ ሁለት አመንጪ ከተቀመጠ ሁለቱም የራሳቸውን ልጅ ነው የሚያቅፉት።

አንድ ነገር ግን ተበላሽቶብን ነበር። በሁለተኛው ወር አንደኛው ፕሮግራመር «እኔ አመንጪ ነኝ፣ ሪፖርት የእኔ አይደለም» ማለት ጀመረ። ሚና ከሥራ ማምለጫ ሲሆን የምታውቁት በዚህ ነው፤ ሰው «ይቀናኛል» ማለቱን ትቶ «አይመለከተኝም» ይላል። ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን የሚናዎች ወረቀት አነሳነው። በስድስተኛው ሳምንት፣ አሁን እርስ በርስ ስለተዋወቅን፣ አስተያየቱን እኛው ለእኛው ሞላነውና ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ሠራነው። ሁለት ምልክት ቦታ ቀየረ። አንዱ የእኔ ነበር፤ ቡድኑ ከገፊነቴ ቀጥሎ ያየብኝ፣ እኔ ዜሮ የሰጠሁትን አቀራራቢነት ነው።

መዝገቡን ባስረከብንበት ሳምንት ጀማሪዋ የዳታ ሠራተኛ 31 የተሳሳቱ መዝገቦች አገኘች። ደንበኛው አንድም አላየም።