ያልሟሟው ታብሌት የት ተገኘ?

«ሰላም ለሁላችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኔ አጥቦ ሲጨርስ የሳሙናው ታብሌት ግማሹ ሳይሟሟ ይቀራል። ብርጭቆዎቹም ላይ ነጭ ነገር አያለሁ። የታብሌቱን ዓይነት ብቀይርም ለውጥ የለም። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

እህቴ፣ ጠጋኝ ከመጥራትሽ በፊት የተረፈው ታብሌት የት እንደተገኘ ተመልከቺ። በሩ ላይ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ነገሩ አንድ ነው፤ ወርዶ የማሽኑ ወለል ላይ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ እዚሁ ቨርጂንያ በአፓርታማ ጥገና ሥራ ዓመታት ስላሳለፍኩ ይህ አቤቱታ በተደጋጋሚ ይደርሰኝ ነበር፤ ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ የተገኘበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

ማስቀመጫው ውስጥ ከቀረ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዕቃ አደራደሩን ነው። ክዳኑ የሚከፈተው የመጀመሪያው ማለቅለቂያ አልቆ ዋናው አጠባ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ረጅም ዕቃ ከቆመ ክዳኑ ትንሽ ተከፍቶ ይቆማል። አንድ የአገራችን ልጆች ቤት ስጠራ ያገኘሁት ይኸው ነበር። እንጀራ የሚቀርብበትን ሰፊ ትሪ በታችኛው መደርደሪያ የፊት ረድፍ ላይ አቁመውታል፤ በሩ ሲዘጋ ትሪው ክዳኑን ተጭኖ ይይዘዋል። ታብሌቱን አውጥቼ ሳየው በክፍተቱ በኩል ያለው ጎኑ ተበልቶ ክብ ሆኗል፤ የጀርባው ጠርዝ ግን ከማሸጊያው እንደወጣ ነው። ትሪውን ወደ ጎን አዙረን ማሽኑን እንደገና ስናስነሳው ታብሌቱ ሙሉ በሙሉ ሟሟ። መክተፊያና የትልቅ ድስት ክዳንም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በዚሁ አጋጣሚ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት ውሃ የሚረጩትን ክንፎች በእጅሽ አሽከርክሪያቸው። ከማንኪያ ማስቀመጫው ሾልኮ የወረደ አንድ የሹካ እጀታ የታችኛውን ክንፍ ሊያቆመው ይችላል። ክንፉ ካልዞረ ውሃው አንድ ቦታ ብቻ ይመታል፤ ታብሌቱ ያለበት ጥግ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ታብሌትሽ በስስ ልባስ የተጠቀለለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማስቀመጫውንም እጅሽንም አድርቂ፤ ልባሱ እርጥበት ሲነካው ከማስቀመጫው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል።

ታብሌቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ከተገኘ ክዳኑ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ የጎደለው ሙቀት ወይም ጊዜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው ከሙቅ ውሃው መስመር ጋር ነው። የአሁኖቹ ማሽኖች ደግሞ ውሃ ቆጣቢ ናቸው፤ በአንድ ሙሌት የሚወስዱት ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። የውሃ ማሞቂያው ምድር ቤት ከሆነና ቧንቧው ረጅም ከሆነ፣ በቧንቧው ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ብቻውን የመጀመሪያውን ሙሌት ሊሸፍን ይችላል። ክረምት ላይ ይህ ይብሳል። መፍትሔው ከማስነሳትሽ በፊት የኩሽናውን ሙቅ ውሃ ከፍተሽ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ ውሃውን በኩባያ ቀድተሽ ለኪው፤ 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ሴልሺየስ ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። አውሮፓ ላላችሁ ግን ይህ ምክር ብዙ አይሠራም፤ እዚያ ማሽኑ በአብዛኛው ቀዝቃዛ ውሃ ወስዶ ራሱ ስለሚያሞቅ የምትመርጡት ፕሮግራም ነው የሚወስነው።

ፕሮግራምን ካነሳን፣ ፈጣኑን አጠባ ከታብሌት ጋር አልወደውም። ታብሌት ተጨምቆ የደረቀ ስለሆነ ከዱቄት ይልቅ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣኑ ፕሮግራም ዋናውን አጠባ ያሳጥራል፤ ያልሟሟው ትርፍ ወደ መጨረሻው ማለቅለቂያ ይሻገርና ብርጭቆ ላይ ይደርቃል። የደረቀ ሽሮና ቅቤ ላለበት ዕቃ ኖርማል የሚለውን ምረጪ። ከቸኮልሽ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ሳሙና ተጠቀሚ። ታብሌቱን ወለሉ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ እንዲህ ሲደረግ ብዙው ሳሙና ከመጀመሪያው ማለቅለቂያ ውሃ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

ስለ ብርጭቆዎቹ፣ አንዱን በጣትሽና በንጹህ ውሃ እሺው። የሚያሟልጭና ወዲያው የሚለቅ ከሆነ የሳሙና ትራፊ ነው። በውሃ እምቢ ብሎ በኮምጣጤ የሚለቅ ከሆነ ግን የውሃው ማዕድን ነው፤ ከታብሌቱ መሟሟት ጋር አይገናኝም።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽ ካልተለወጠ፣ ፊት ለፊቱ ምንም ሳይቆም ኖርማል አስነሺና ዋናው አጠባ ከገፋ በኋላ አቁመሽ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣ ጠብቀሽ በሩን በቀስታ ክፈቺ። ክዳኑ እንደተዘጋ ከሆነ መቆለፊያው ተበላሽቷል። ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ደግሞ የማሽኑ ማሞቂያ ይፈተሽ። ያን ጊዜ ጠጋኝ ጥሪ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ ለአከራዩ ያየሽውን እንዳለ ጽፈሽ ላኪለት።