ወረታ ላይ የሚወርደው ስንት ይክፈል? ጥያቄና መልስ ስለ ኮንትራት ሒሳብ

ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ከባሕር ዳር ጎንደር ሚኒባስ ይነዳል። ስለዚህ ይህ ጭቅጭቅ ቤታችን ውስጥ አዲስ አይደለም። የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። የዋጋዎቹ ቁጥሮች ጠያቂዎቹ የነገሩኝ ናቸው፣ በማግሥቱ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ *መምህር፣ ሦስት ሆነን ጎንደር ድረስ ኮንትራት ያዝን። ሹፌሩ 5,400 ብር ቁርጥ ብሎናል፣ ሰው ቢወርድም አይቀንስም። አንዱ ጓደኛችን ወረታ ላይ ይወርዳል። እሱ «ትንሽ ነው የምከፍለው» ይላል፣ ሌላኛው «እኩል ነው፣ አለቀ» ይላል። ስንት ይክፈል?*

ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ሹፌሩን ጠይቁልኝ፤ «ወረታ ድረስ ብቻ ብንሄድ ስንት ነበር?» በሉት። ከዚያ መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ።

(ጠያቂው ከሰዓታት በኋላ «2,200 ብር አለን» ብሎ መለሰ።)

ጥሩ። እንግዲህ መንገዱን ሁለት ቦታ ቁረጡት። ከባሕር ዳር ወረታ ያለው ክፍል 2,200 ብር ያወጣል፤ በዚህ ክፍል መኪናው ውስጥ ሦስታችሁም ስላላችሁ ለሦስት ይካፈላል፣ ለእያንዳንዱ 733 ብር ከሳንቲም ይደርሰዋል። ከወረታ ጎንደር ያለው ቀሪ 3,200 ብር ነው። እሱ ወርዷል፣ ስለዚህ ሁለታችሁ ትካፈሉታላችሁ፣ 1,600 ለ1,600። የወረታው 733 ይከፍላል፣ እናንተ ደግሞ 2,333 እያንዳንዳችሁ። ሳንቲሙን ለማጥፋት እሱ 730፣ እናንተ 2,335 ብትከፍሉ ድምሩ 5,400 ይሞላል።

ሹፌሩ ዋጋ አለመቀነሱ ነገሩን አይቀይረውም። ሹፌሩ የሚፈልገው 5,400ውን ነው፤ በእናንተ መካከል እንዴት እንደተሰበሰበ አይመለከተውም።

ጥያቄ፦ *እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ለምን ዝም ብሎ በኪሎ ሜትር አይካፈልም? ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጎንደር ወደ 180። ሲሶውን መንገድ ነው የሄደው፣ የእኩል ድርሻውን ሲሶ ይክፈል።*

ግማሽ መንገድ ደርሰሃል። ሠርተን እንየው፦ እኩል ድርሻው 1,800 ነው፣ ሲሶው 600። ቀሪውን 1,200 ሁለቱ ይካፈሉታል፣ እያንዳንዳቸው 2,400 ይደርሳቸዋል። ልብ በል፣ ያደረግኸው እኔ ያደረግሁትን ነው፤ መንገዱን ወረታ ላይ ቆርጠህ ለተሳፈረው ሰው አካፍለሃል። ልዩነታችን መለኪያው ላይ ነው። አንተ በኪሎ ሜትር ለካህ፣ እኔ በዋጋ።

ሹፌር ዋጋ የሚጠራው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። መኪናውን ከተራ ያወጣበት ጊዜ ራሱ ዋጋ አለው፣ አጭርም ሄደ ረጅምም ሄደ ያ ወጪ አለ። ለዚህ ነው ሲሶው መንገድ ከ5,400 ሲሶው 1,800 ሆኖ ሳለ 2,200 የተጠራው። 400 ብሩ ከመነሻው ወጪ የመጣ ነው፤ ከመነሻው ደግሞ ወረታ የሚወርደውም ተጠቅሟል። በኪሎ ሜትር ካካፈልክ ይህን የመነሻ ወጪ ሩቅ ሂያጆቹ ላይ ትጭናለህ። እዚህ ላይ 133 ብር ነው የተሳሳትከው፣ ጠብ የሚያስነሳ አይደለም። ሰውየው ከወረታ በፊት ያለችው ሐሙሲት ላይ የሚወርድ ቢሆን ግን ልዩነቱ ከድርሻው አንጻር ጎልቶ ይታያል፣ መንገዱ አጭር በሆነ ቁጥር የመነሻው ወጪ ከዋጋው ትልቁን ክፍል ይይዛልና።

ጥያቄ፦ *ይህ አከፋፈል የእርስዎ ፈጠራ ነው ወይስ የታወቀ ነገር አለው?*

የኔ አይደለም። ሎይድ ሻፕሊ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው አከፋፈል አለ። በኋላ በ1973 ሊትልቻይልድና ኦወን የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ ላይ ሲያውሉት ሒሳቡ በጣም ቀላል ሆኖ አገኙት። ትንሽ አውሮፕላን አጭር ማኮብኮቢያ ይበቃዋል፣ ትልቁ ረጅሙን ይፈልጋል። አጭሩን ክፍል ሁሉም ይካፈላል፣ የተረፈውን ትልልቆቹ ብቻ። ማኮብኮቢያውን በጎንደር መንገድ ተካው።

ሻፕሊ ግን የጀመረው ከሌላ በኩል ነው፣ እኔ የምወደውም እሱን ነው። ሦስቱ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ መኪናው ይመጣሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ሲመጣ የሚጨምረውን ወጪ ብቻ ይከፍላል። ወረታ የሚወርደው መጀመሪያ ከመጣ 2,200 ይከፍላል። ጎንደር ከሚሄዱት አንዱ ቀድሞት ከመጣ ግን መኪናው ቀድሞውኑ ጎንደር ሊሄድ ነው፣ ስለዚህ የኛ ሰው ምንም አይጨምርም፣ ዜሮ ይከፍላል። ሦስት ሰው በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጣ ይችላል። ከስድስቱ በሁለቱ የወረታው አንደኛ ነው። ሁለቴ 2,200፣ አራቴ ዜሮ፣ ሲደመር 4,400፣ ለስድስት ሲካፈል 733። ያው መልስ! ማን ቀድሞ መጣ የሚለው ዕድል ስለሆነ፣ ዕድሉን ለሁሉም እኩል አካፈለው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ *ትናንት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ስወርድ ረዳቱ የወረታ ሙሉ ሒሳብ ተቀበለኝ። የኔንም በዚህ ያስሉልኝ፣ ስንት መመለስ ነበረበት?*

የርስዎ ሌላ ነገር ነው። ኮንትራት ላይ መኪናው የተሳፋሪዎቹ ነው፣ እርስ በርስ ይካፈላሉ። በተራ በወጣ ሚኒባስ ግን እርስዎ ወንበር ነው የገዙት፣ ከጎንዎ ከተቀመጡት ጋር የሚካፈሉት ሒሳብ የለም። ረዳቱ ሙሉ የሚያስከፍለው ወንበሩ ከሐሙሲት ወረታ ባዶ እንዳይሄድበት ፈርቶ ነው። እርስዎ እንደወረዱ ሌላ ሰው ከጫነ ግን ያንኑ ወንበር ሁለቴ ሸጠ። ሳይሳፈሩ «ሐሙሲት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና ታሪፉን ማየት፣ ካልተስማማ መነኸሪያው ስምሪት ዘንድ መሄድ። ከዚህ በላይ በሒሳብ የምረዳዎት የለም።

ጥያቄ፦ *እኛ ሦስት ሴቶች ነን፣ ከሥራ ስንወጣ ማታ ማታ አንድ ባጃጅ በኮንትራት ወደ አባይ ማዶ እንይዛለን፤ 150 ብር። እኔ መጀመሪያ ነው የምወርደው። ግን ቤቴ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስለሆነ ባጃጁ እኔን ለማድረስ 30 ብር ይጨምራል። ጓደኞቼ እኩል እንክፈል ይላሉ። መጀመሪያ ወራጅ ስለሆንኩ መቀነስ የለብኝም?*

እህቴ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ ስንት ይላል? (በኋላ «90» ብላ ላከችልኝ።)

እንግዲህ እስከ መታጠፊያው 90 ብሩ ለሦስት ሲካፈል 30 ለ30 ነው። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን 60 ሁለቱ ይካፈሉታል፣ 30 ለ30። ወደ ቤትሽ የሚገባበት 30 ብርስ? ጓደኞችሽ እዚያ ምንም ጉዳይ የላቸውም፣ እንዲያውም አጅበውሽ ገብተው ይወጣሉ። እሱ ያንቺ ብቻ ነው። ስለዚህ አንቺ 30 እና 30፣ 60 ብር። እነሱም እያንዳንዳቸው 60። ድምሩ 180።

ጓደኞችሽ ምንም ሳያሰሉ ልኩን ተናግረዋል። መጀመሪያ መውረድ ድርሻ የሚቀንሰው ማውረጃሽ በመንገዳቸው ላይ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ *ልጄ፣ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ እኩል ከፍለን ተሳፍረናል፣ ማንም አልተጣላም። አሁን ለ733 ብር ከሳንቲም ወረቀት መሳብ ለምን አስፈለገ?*

አባቴ፣ እውነትዎን ነው። የመጀመሪያውን ጉዳይ ይዘን እንየው። የወረታው ሰው ብቻውን ቢሄድ 2,200 ይከፍል ነበር። እኩል ሲሆን 1,800 ነው፣ 400 ብር ተርፎታል። ሁለቱ ያለ እሱ ቢሄዱ 2,700 ለ2,700 ይሆንባቸው ነበር፤ አሁን 1,800። ስለዚህ እኩል መክፈል ማንንም አልበደለም፣ ሁሉም ከብቻው ጉዞ ይሻለዋል። እንዲያውም ከዜሮ እስከ 2,200 ማንኛውንም ቢያስከፍሉት አንዱም ወገን «ብቻዬን በሄድኩ» የሚልበት ምክንያት የለውም። 733 በዚያ ሰፊ ክልል ውስጥ አንድ ነጥብ ነው።

እኩልነት የሚበላሸው ወራጁ በጣም ቅርብ ሲሆን ነው። ሹፌሩ ሐሙሲት ድረስ 1,300 ብር ቢል፣ እኩል 1,800 የተባለው ሰው «ለራሴ ሌላ እይዛለሁ» ብሎ ይሄዳል፣ ሁለቱም 2,700 ለ2,700 ይቀራሉ። በእርስዎ ዘመን ያልተጣሉት አብረው የሚሳፈሩት አብረው ስለሚወርዱ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ *ሰውየው ጎንደር ነኝ ብሎ ተሳፍሮ በመንገድ ስልክ ተደወለለት፣ ወረታ ላይ «እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ ወረደ። 733 ነው የሚከፍለው?*

አይደለም። 1,800 ነው። ሁለቱ መኪናውን የያዙት ሦስተኛ አለ ብለው ነው፤ ምናልባት ባይኖር በተራ ሚኒባስ ይሄዱ ነበር። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ እንዲሁ ወርጄ «የሄድኩበትን ልክፈል» ብዬ ተከራክሬ፣ ቀንሰው ተቀብለውኛል። አሁን ሳስበው አላግባብ ነበር። ማውረጃ የሚነገረው ሞተር ሳይነሳ ነው።

ጥያቄ፦ *እኔ ሹፌር ነኝ። ወረታ ላይ ወንበሩ ሲለቀቅ ሰው ብጭንበትስ? ሒሳቡ የማነው?*

ወንድሜ፣ ይሄን ከራሴ ወንድም ጋርም አልጨረስነውም። እሱ «መኪናው የኔ፣ ወንበሩ ባዶ፣ ማን ምን ተጎዳ?» ይላል። እኔ ደግሞ ኮንትራት ማለት ወንበሩ እስከ ጎንደር ተሽጧል ማለት ነው፣ ሳታስፈቅድ መጫን የለብህም እላለሁ። አስፈቅደህ 300 ብር ብታገኝ የሁለቱ ቀሪ ከ3,200 ወደ 2,900 ይወርዳል፣ 1,450 ለ1,450። የወረታው ሰው 733 ከከፈለ ከዚህ አይደርሰውም፣ ለዚያ መንገድ አልከፈለበትም። እኩል 1,800 ከፍሎ ከሆነ ግን የወንበሩን ዋጋ ጎንደር ድረስ ከፍሏል፤ 300ው የኔ ነው ቢል ምን ትለዋለህ?

*ሹፌሩ፦ መምህር፣ እሱ ወርዶ ሄዷል እኮ፣ ማን ይነግረዋል?*