የቪኦአር ጥገና ልማር ወይስ ጊዜው አልፎበታል?

«በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ የአየር ናቪጌሽን መሣሪያዎች ቴክኒሺያን ለመሆን እያሰብኩ ነው። አብራሪ የሆነ ጓደኛዬ ግን ‹አሁን ሁሉም በሳተላይት ነው፤ ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚያሳዩት የመሬት ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ ኤንዲቢና ቪኦአር፣ እየተነቀሉ ነው› አለኝ። የሚነቀል ዕቃ ጥገና ተምሬ ምን ልጠቀም?»

እህቴ፣ ጓደኛሽ ስለ መነቀሉ ልክ ነው። በብዙ አገሮች ኤንዲቢ ሲበላሽ በሌላ ኤንዲቢ አይተካም፤ የቪኦአርም ቁጥር እየቀነሰ ነው። የሙያ ምርጫሽን የሚወስነው ግን መሣሪያው ሲነሣ ሥራው ወዴት እንደሄደ ነው።

ቪኦአር ሁለት የ30 ኸርዝ ምልክቶች ያሰራጫል፤ አውሮፕላኑ በሁለቱ መካከል ካለው የፌዝ ልዩነት ከጣቢያው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ያውቃል። አጠገቡ የቆመው ተቆጣጣሪ አንቴና አቅጣጫው ከ1 ዲግሪ በላይ ሲዛነፍ ካየ ማሰራጫውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ ቴክኒሺያኑም ይጠራል። ድክመቱ ስሕተቱ በማዕዘን መሆኑ ነው፦ 1 ዲግሪ በ60 ኖቲካል ማይል ርቀት ላይ 1 ኖቲካል ማይል ያህል ያስታል።

በአፈጻጸም ላይ የተመሠረተው ናቪጌሽን «በየትኛው መሣሪያ?» ሳይሆን «በምን ያህል ትክክለኛነት?» ይላል። በዚህ ናቪጌሽን ለማረፍ በሚደረገው የአርኤንፒ አቀራረብ የመጨረሻ ክፍል አውሮፕላኑ 95 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ከመስመሩ በ0.3 ኖቲካል ማይል ውስጥ መሆን አለበት፤ ይህን ማረጋገጥ ካቃተውም የራሱ ኮምፒውተር አብራሪውን ያስጠነቅቃል። መስመሩ የሚሠራው በካርታ ነጥቦች ስለሆነ ከመሬት ጣቢያ አናት መነሣት አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ስሕተት የሚገባው በቁጥር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ፓሪስ ሻርል ደ ጎል የሆነውን ተመልከቺ። አውሮፕላንን በሬዲዮ ጨረር ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራው የመሬት መሣሪያ፣ አይኤልኤስ፣ ስለተቋረጠ አንድ ኤ320 አውሮፕላን በሳተላይት አቀራረብ ይወርዳል፤ የቁልቁለቱን መስመር ግን የሚከተለው በአየር ግፊት አልቲሜትር ነበር። ትክክለኛው ግፊት 1001 ሄክቶፓስካል ሲሆን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው 1011 ብሎ ሰጠ። አንድ ሄክቶፓስካል ወደ 28 ጫማ ስለሚሆን አውሮፕላኑ አልቲሜትሩ ከሚያሳየው 280 ጫማ፣ ማለትም 85 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ይህ መስመሩ መሬት የሚነካበትን ቦታ በ1.6 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የአግድሙ አመራር ትክክል ነበር፤ ኮክፒት ውስጥ መርፌዎቹ መሐል ላይ ነበሩ፤ የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያውም አልጮኸም። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን ባለማየታቸው ወደ ላይ ሲመለሱ ከመሬት የቀራቸው 6 ጫማ ብቻ ነበር። በአይኤልኤስ ቢሆን የሬዲዮው ጨረር ስለሚመራቸው የግፊቱ ስሕተት መስመሩን አያዛባም ነበር። በኤልፒቪ አቀራረብም የቁልቁለቱ መስመር ከተጠናከረ የሳተላይት ምልክት ስለሚገኝ እንዲሁ ነው።

ኤልፒቪ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። መስመሩ የሚሰላው በቀያሽ ከተለካው የማኮብኮቢያ ጫፍ ከፍታ ሲሆን ይህም ሳተላይቶቹ በሚጠቀሙበት የምድር ቅርጽ ሞዴል፣ በደብልዩጂኤስ-84 ኤሊፕሶይድ፣ መሠረት መሆን አለበት። አንድ ሰው ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ በስሕተት ቢያስገባ ልዩነቱ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ሊሆን ይችላል። ከመረጃው ጋር የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ቁጥሩ በመንገድ እንዳልተቀየረ እንጂ መጀመሪያውኑ ትክክል እንደነበረ አይነግርሽም። ስሕተቱን የሚይዘው ሰው ነው፦ ቀያሹ፣ የአቀራረብ ንድፍ ባለሙያው፣ በየ28 ቀኑ የሚታደሰውን መረጃ የሚመረምረው ባለሙያና በፍተሻ አውሮፕላን መስመሩን በርሮ የሚያረጋግጠው። ለአንቺ የሚመጣው አዲስ ሥራ በአብዛኛው እዚህ አለ።

አንቴናውን መተው ግን የለብሽም። የሳተላይት ምልክት መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ በቀላሉ ይታፈናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚበር አንድ አየር መንገድ በጂፒኤስ ረብሻ ምክንያት በረራውን ለአንድ ወር አቋርጧል፤ የቦታው አቀራረብ በጂፒኤስ ላይ የቆመ ነበርና። የተመለሰው ያለ ጂፒኤስ የሚሠራ አቀራረብ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ርቀት የሚያስለካው የመሬት ጣቢያ፣ ዲኤምኢ፣ በብዙ ቦታ የሚቆየውም ለዚህ ነው፦ አውሮፕላኑ ከሁለት ጣቢያዎች ያለውን ርቀት ለክቶ ያለ ሳተላይት ቦታውን ያሰላል። ለዚህ ግን በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ያለው ማዕዘን ከ30 እስከ 150 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲወጣ ትንሽ የርቀት ስሕተት ትልቅ የቦታ ስሕተት ይሆናል።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት የሥልጠናውን ዝርዝር ጠይቂ። ዲኤምኢና አይኤልኤስ በተግባር ካሉበት፣ በስፔክትረም አናላይዘር የረብሻ ምንጭ ማፈላለግ ካለበት፣ የደብልዩጂኤስ-84 ቅየሳና የበረራ መረጃ ጥራት ከተካተተበት ግቢበት። ቪኦአርን እዚያው ትማሪዋለሽ፤ የፌዝ ልዩነትን በእጅሽ ለክተሽ የምትረጂበት ጥሩ መሣሪያ ነውና ጊዜሽ አይባክንም። ኤንዲቢ ላይ ብዙ ሳምንት የሚያጠፋ ሥልጠና ከሆነ ግን ሌላ ፈልጊ።